በሰያፍ ለሚነጠፍ ወለል ስንት ሴራሚክ ይበቃል?

ሴራሚክ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ሲነጠፍ ሂሳቡ ቀላል ነው። የክፍሉን ስፋት በካሬ ሜትር አውጥቶ ጥቂት መጠባበቂያ መጨመር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሴራሚኩ በ45 ዲግሪ ዞሮ በሰያፍ ሲነጠፍ ግን ግድግዳው የሚነካውን ሴራሚክ ሁሉ ይቆርጣል፤ በአንዳንዱ ቦታ ሦስት ማዕዘን ብቻ ይፈለጋል፣ በሌላው ደግሞ ከአንድ ጫፉ በቀር ሙሉው ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ «15 በመቶ ጨምር» በሚለው አንድ ቃል ይሸፍነዋል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ አደርግ ነበር። አንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ግን ሥራው ሊያልቅ አራት ፍሬ ጎደለኝ። ተጨማሪ የገዛሁት ካርቶን ስሙም ቁጥሩም አንድ ሆኖ ሳለ ቀለሙ ትንሽ ጠቆር ያለ ነበር፤ አራቱ ፍሬዎች ዛሬም ከሩቅ ይለያሉ። ከዚያ በኋላ የመጠባበቂያውን ልክ ከወለሉ ስፋት መገመት ትቼ በግድግዳው ላይ መቁጠር ጀመርኩ፤ ምክንያቱም ብክነቱ ያለው እዚያ ነው። የክፍሉ መሃል ምንም አያባክንም።

ከዚህ በታች አንድ ክፍል ይዘን እስከ መጨረሻው እንቆጥራለን። ክፍሉ 4.20 ሜትር በ3.60 ሜትር ነው። ሴራሚኩ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በፍሬዎቹ መካከል የሚተወው ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር ነው።

1. ክፍሉን መለካት

ርዝመቱንም ወርዱንም በአንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ አትተዉ። በሁለቱ ዳርቻዎችና በመሃል ለኩ፣ ትልቁን ቁጥር ያዙ። ከዚያ ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። ክፍሉ ቀጥ ያለ ከሆነ ሁለቱ ልኬቶች እኩል ይሆናሉ፤ በእኛ ክፍል እያንዳንዱ 5.53 ሜትር ገደማ መምጣት አለበት። ልዩነቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ አንዱ ግድግዳ ዘንበል ብሏል ማለት ነው። ቀጥ ባለ አነጣጠፍ ይህን ዝንባሌ በአንድ ረድፍ መደበቅ ይቻላል። በሰያፍ ግን በዚያ ግድግዳ ሥር የሚደረደሩት ሦስት ማዕዘኖች ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እያደጉ ይሄዳሉ፤ ዓይንም ወዲያው ይይዛቸዋል። ስለዚህ ግድግዳው ዘንበል ያለ ከሆነ የዚያን በኩል ቁራጮች የምትቆጥሩት በትልቁ ልክ መሆን አለበት።

የበሩን ሥር አትርሱ። ሴራሚኩ በበሩ ውፍረት ውስጥ ገብቶ የሚያልቅ ከሆነ ያ ትንሽ ቦታ ለብቻው ይቆጠራል። ለዛሬው ምሳሌ ወለሉ በበሩ መስመር ላይ እንደሚያልቅ አድርገን እንያዝ።

2. የሴራሚኩን ሰያፍ ማወቅ

በሰያፍ አነጣጠፍ ዋናው መለኪያ የሴራሚኩ ጎን ሳይሆን ከጫፍ እስከ ተቃራኒው ጫፍ ያለው ሰያፉ ነው። መጀመሪያ የአንዱን ፍሬ ትክክለኛ ጎን በሜትር አረጋግጡ፤ ካርቶኑ ላይ 40 ተብሎ ተጽፎ እውነተኛ ልኩ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚያንስ ሴራሚክ አለ። የእኛው በትክክል 40 ነው እንበል። ክፍተቱን ስንጨምር 40.3 ይሆናል። ይህን በ1.414 ስናባዛ 57 ሴንቲ ሜትር እናገኛለን። የሰያፉ ግማሽ 28.5 ሴንቲ ሜትር ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ወረቀታችሁ አናት ላይ ጻፉ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በእነሱ ነው።

ክፍተቱን መርሳት ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም በአንድ ሰያፍ ላይ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ በሰባት ሰያፍ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በግድግዳው ሥር የምትቆርጡት ሦስት ማዕዘን ደግሞ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሊሆን ስለሚችል 3 ሴንቲ ሜትር ስህተት ሙሉ ዕቅዱን ያበላሻል።

እግረ መንገዳችንን ንጹሑን ብዛት እናውጣ። የክፍሉ ስፋት 15.12 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሴራሚክ ከክፍተቱ ጋር 0.1624 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ስናካፍል 93 ፍሬ ከጥቂት ይወጣል። ምንም ሳይባክን ቢነጠፍ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚሄደው ሁሉ ወይ የቁርጥ ብክነት ወይ ስብራት ነው። ሁለቱን ለየብቻ መቁጠር ይገባል፤ መነሻቸው የተለያየ ነውና።

3. ባለ መስመር ወረቀት ላይ መንደፍ

ካሬ መስመር ያለው የሂሳብ ደብተር ወረቀት ያዙ። አንዱ ካሬ የሰያፉን ግማሽ፣ ማለትም 28.5 ሴንቲ ሜትርን ይወክል። በዚህ ልክ 4.20 ሜትር 14.74 ካሬ፣ 3.60 ሜትር ደግሞ 12.63 ካሬ ይሆናል። የዚህ ዘዴ ጥቅም ክፍሉን ሳታዞሩት ቀጥ አድርጋችሁ መንደፍ መቻላችሁ ነው። ሴራሚኮቹ ራሳቸው የካሬዎቹን ሰያፍ ተከትለው ይመጣሉ።

የክፍሉን መሃል በአንድ የመስመሮች መገናኛ ላይ አድርጉ። ከዚያ መሃል ወደ ቀኝም ወደ ግራም 7.37 ካሬ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 6.32 ካሬ ሄዳችሁ አራቱን ግድግዳዎች አስምሩ። አሁን ከመሃሉ መገናኛ ጀምራችሁ ሴራሚኮቹን ንደፉ። የመጀመሪያው ሴራሚክ እምብርት መሃሉ ላይ ሲሆን አራት ጫፎቹ ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝና ከግራ ባሉት አራት ጎረቤት መገናኛዎች ላይ ያርፋሉ። እያንዳንዱ ሴራሚክ ሁለት ካሬ ወርድና ሁለት ካሬ ቁመት ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ የወረቀቱ ካሬም አንድ ሰያፍ መስመር ብቻ ያልፍበታል። መስመሮቹን ከግድግዳው ትንሽ አሳልፋችሁ ንደፉ፤ ከግድግዳው ውጭ የሚቀረውን ክፍልም ማየት ያስፈልጋል።

ንድፉ ሲያልቅ ሦስት ዓይነት ሴራሚክ ታያላችሁ። አንደኛው ሙሉ በሙሉ ክፍሉ ውስጥ ያለው ነው። ሁለተኛው እምብርቱ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ አንድ ጫፉን ግድግዳው የቆረጠው ነው፤ ይህን ጫፈ ጎደሎ እያልኩ እጠራዋለሁ። ሦስተኛው እምብርቱ ከግድግዳው ውጭ ሆኖ አንድ ጫፉ ብቻ ወደ ክፍሉ የሚገባው ነው፤ ከዚህ የምንፈልገው ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው።

4. መቁጠር

በሦስት ቀለም እርሳስ እያቀለማችሁ ቁጠሩ። በእኛ ክፍል 71 ሙሉ፣ 26 ጫፈ ጎደሎ እና 30 ሦስት ማዕዘን ይገኛል። ጠቅላላው 127 ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ከአዲስ ሴራሚክ የሚቆርጥ ሠራተኛ 127 ፍሬ ይጨርሳል ማለት ነው፤ ከንጹሑ 93 በ34 ይበልጣል። ይህ ከሲሶ በላይ ብክነት ነው። የወለሉ ስፋት አንድ ሆኖ ሳለ ለአንዱ ሠራተኛ ሴራሚኩ ሲበቃ ለሌላው የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ተራፊው ቁራጭ ወዴት ሄደ የሚለው ጥያቄ ነው።

5. ተራፊው ቁራጭ የት ይገባል?

የቀኙን ግድግዳ እንመልከት። ጫፈ ጎደሎው እምብርቱ ከግድግዳው 10.5 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። የሰያፉ ግማሽ 28.5 ስለሆነ የሚቆረጠው ጫፍ ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ከጎኑ ያለው ሦስት ማዕዘን ደግሞ ቁመቱ 10.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የተቆረጠው ጫፍ፣ ከረጅሙ ጎኑ ትንሽ ተቀንሶለት፣ ሦስት ማዕዘኑን ይሞላል። በላይኛውና በታችኛው ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ የሚቆረጠው ጫፍ 19.5፣ የሚፈለገው ሦስት ማዕዘን 9 ሴንቲ ሜትር ነው።

ይህ የሚሆነው ሦስት ማዕዘኑ ከሰያፉ ሩብ፣ በእኛ ሴራሚክ ከ14.25 ሴንቲ ሜትር፣ ሲያንስ ብቻ ነው። ከዚያ ከበለጠ የተቆረጠው ጫፍ ከሚፈለገው ሦስት ማዕዘን ያንሳል፤ ለሦስት ማዕዘኖቹ ሌላ ሴራሚክ መሠዋት ግድ ይሆናል። ያን ጊዜም ቢሆን ከአንድ ሙሉ ሴራሚክ ሁለት ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ ከሁለቱ ተቃራኒ ጫፎች አንዳንድ። ሦስት ማዕዘኖቹ ከሰያፉ ሩብ ካነሱ ደግሞ ከአራቱም ጫፎች አራት ይወጣሉ።

ሂሳቡን አሁን መዝጋት እንችላለን። ሙሉዎቹና ጫፈ ጎደሎዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሴራሚክ ይወስዳሉ፤ 71 ሲደመር 26፣ 97 ይሆናል። ከ26ቱ ጫፈ ጎደሎዎች 26 ተራፊ ጫፍ ይገኛል። የሚፈለጉት ሦስት ማዕዘኖች 30 ናቸው፤ አራት ይጎድላሉ። አራቱ ከአንድ ሴራሚክ አራት ጫፎች ይወጣሉ። ጠቅላላው 98 ፍሬ ነው። ከ127 ወደ 98 የወረድነው ሌላ ምንም ሳናደርግ ተራፊውን በመጠቀም ብቻ ነው።

ተራፊው በጥሩ ሁኔታ የሚገጥምበት ምክንያት አለ። ቀጥ ያለ ማዕዘኑን የሚሠሩት ሁለት አጭር ጎኖች ከፋብሪካ የመጡ ጠርዞች ናቸው፤ ወደ ክፍሉ ውስጥ የሚዞሩትም እነሱ ናቸው። የተቆረጠው ረጅም ጎን ወደ ግድግዳው ይሄዳል፣ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ስለዚህ ተራፊ ተጠቀመ ተብሎ ወለሉ አያስቀይምም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሴራሚኩ እንደ እንጨት ወይም እንደ እብነ በረድ አቅጣጫ ያለው መስመር ካለው፣ በቀኙ ግድግዳ የተቆረጠው ጫፍ እዚያው ቀኝ ላይ ሲገባ መዞር አለበት፤ መስመሩም ይዞራል። ከቀኝ የተቆረጠውን ሳታዞሩ ወደ ግራው ግድግዳ፣ ከላይ የተቆረጠውን ወደ ታች ውሰዱት፤ እዚያ በትክክለኛው አቅጣጫው ይገባል። ቁጥሩ አይለወጥም። ቁራጮቹን በአራት ክምር ለይቶ ማስቀመጥ ብቻ ይፈልጋል፤ ከእያንዳንዱ በስተኋላ የመጣበትን ግድግዳ በእርሳስ መጻፍ ደግሞ ብዙ ፍለጋ ያድናል።

6. ስብራቱን ለብቻው ማሰብ

ስብራትን ከወለሉ ስፋት ጋር ማያያዝ የተለመደ ስህተት ነው። ሴራሚክ በብዛት የሚሰበረው ሲነጠፍ ሳይሆን ሲቆረጥ ነው፤ ስለዚህ ስብራቱ የሚሰላው በቁርጦቹ ብዛት ነው። በሰያፍ የሚቆረጥ ደግሞ ከቀጥታው ይከፋል። በእጅ መቁረጫ ተጭሮ ሲሰበር መስመሩ ወደ ጫፉ ሲጠጋ የቀረው ሥጋ ቀጭን ስለሚሆን ቀጥ ብሎ ከመከፈል ይልቅ ሹሉ ጫፍ ይገነጠላል። በውሃ የሚሠራ ባለ ዲስክ መቁረጫ ይህን በጣም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ዲስኩ ራሱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይበላል። ከአንድ ሴራሚክ ሁለት እኩል ግማሽ ለማውጣት ስታስቡ ይህን ቀንሱ።

እኔ በእጅ መቁረጫ ስሠራ ከአሥር ቁርጥ አንዱ ይበላሻል ብዬ እይዛለሁ። ይህ የእኔ ልማድ ነው፤ መቁረጫው ያረጀ ወይም ሴራሚኩ ጠንካራ ፖርስሊን ከሆነ ከፍ አድርጉት። በእኛ ክፍል 26 ጫፈ ጎደሎዎች አሉ፤ ሦስት ይበላሻሉ እንበል፤ ሦስት ፍሬ። 30ዎቹ ሦስት ማዕዘኖች ሲስተካከሉም ሦስት ይበላሻሉ። እነዚህ ግን ትንንሽ ስለሆኑ ሦስቱም ከአንድ ሴራሚክ ጫፎች ይተካሉ፤ አንድ ፍሬ። ስለዚህ ለቁርጥ ስብራት አራት ፍሬ። የተበላሸ ሴራሚክ ሁሉ ደግሞ አይጣልም፤ ጫፈ ጎደሎ ሲቆረጥ ከመሃል የተሰነጠቀ ፍሬ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደህና ጫፍ ይተርፈዋል፤ ለሦስት ማዕዘን ይሆናል።

በመጓጓዣና በካርቶን ውስጥ የሚሰበረው ሌላ ነው። ጠርዙ የተሸረፈ ሴራሚክ ለሙሉ አይሆንም፤ ሽርፍራፊው በሚቆረጠው በኩል ከሆነ ግን ለጫፈ ጎደሎ ይሆናል። ይህ ለሰያፍ አነጣጠፍ የሚያመች ነገር ነው፤ አንድ ጫፋቸው የተጎዳ ፍሬዎችን ለግድግዳው ዳር አስቀምጡ። ለዚህ ሁለት ፍሬ እንያዝ።

98 ሲደመር 4 ሲደመር 2፣ 104 ፍሬ።

7. ወደ ካርቶን መለወጥ

የመረጥነው ካርቶን 10 ፍሬ ይይዛል እንበል። 104 ፍሬ 11 ካርቶን ይሆናል፤ 110 ፍሬ። የሚተርፉት ስድስቱ ለኋላ ጥገና ይቀመጣሉ። ከዓመታት በኋላ ከባድ ዕቃ ወድቆ አንድ ሴራሚክ ቢሰነጠቅ ያንኑ ዓይነት ከገበያ ማግኘት የማይታሰብ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከሦስት ፍሬ ያነሰ ከተረፈ አንድ ካርቶን ጨምሩ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙ። በካርቶኑ ጎን ላይ የምርት ዙሩን፣ የቀለሙን ደረጃና ትክክለኛ መጠኑን የሚያሳዩ ቁጥሮች ታትመው ይገኛሉ። የ11ዱም ካርቶን ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን ሳታረጋግጡ አትረከቡ። የቀለም ልዩነት ለዓይን ያስቀይማል፤ የመጠን ልዩነት ግን ከዚያ ይብሳል። በሰያፍ አነጣጠፍ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄዱት መስመሮች ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ስለሚታዩ 1 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ፍሬ ሲደጋገም መስመሩ ሲጎብጥ ይታያል።

15 በመቶው መቼ ይከዳል?

በዚህ ክፍል ላይ የተለመደውን መንገድ ብንከተል ኖሮስ? 15.12 ካሬ ሜትር ላይ 15 በመቶ ስንጨምር 17.39 ይሆናል፤ አንድ ካርቶን 1.6 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን 11 ካርቶን ይወጣል። እኛ ቆጥረን ያገኘነውም ያው ነው። ዘዴው የሚታመነው እንዲህ ባሉ መካከለኛ ክፍሎች ላይ ስለሚገጥም ነው።

አሁን ያንኑ ሴራሚክ ወደ መተላለፊያ እንውሰደው። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 1.20 ሜትር ነው። ስፋቱ 7.2 ካሬ ሜትር፣ የመጀመሪያው ክፍል ግማሽ እንኳ አይሞላም። የግድግዳው ዙሪያ ግን 14.4 ሜትር ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ዙሪያ 15.6 ነበር። ስፋቱ ከግማሽ በታች ወርዶ የሚቆረጥበት ግድግዳ አልቀነሰም ማለት ይቻላል። ንጹሑ ብዛት 44 ፍሬ ከጥቂት ነው፤ 15 በመቶ ሲጨመርበት 51 ገደማ ይሆናል።

በወረቀቱ ላይ ከመሃል ጀምረን ስንቆጥር 29 ሙሉ፣ 24 ጫፈ ጎደሎ፣ 24 ሦስት ማዕዘን እናገኛለን። ሦስት ማዕዘኖቹ ሁሉ ከተራፊ ይወጣሉ፤ ስለዚህ 53 ፍሬ። አንድም ፍሬ ሳይሰበር ከ51 አለፈ። ለስብራትና ለመጓጓዣ አምስት ስንጨምር 58 ይደርሳል፤ ከንጹሑ በ31 በመቶ ይበልጣል።

በዚህ መተላለፊያ ላይ ወረቀቱ ሌላም ነገር ያሳያል። 120 ሴንቲ ሜትር ሁለት ሰያፍ ከ6 ሴንቲ ሜትር ነው። ከመሃል ሲጀመር በሁለቱ ረጅም ግድግዳዎች ሥር ቁመታቸው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ 20 ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ይደረደራሉ። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ቁራጭ አይያዝም፣ ከሙጫው ይለቃል፣ ዞኮሎውም ሲሸፍነው ግማሹ ይጠፋል። የሚሻለው አነጣጠፉን የሰያፉን ሩብ፣ 14.25 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ አንድ ጎን ማንሸራተት ነው። ያን ጊዜ ሦስት ማዕዘኖቹ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ወለሉ ያምራል። ዋጋው ግን አለ። የጫፈ ጎደሎዎቹ ተራፊ 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ሦስት ማዕዘኖቹን አይሞላም፤ ከሙሉ ሴራሚክ ሁለት ሁለት እየተቆረጡ ይወጣሉ። ብዛቱ ከስብራት በፊት ከ53 ወደ 56 ያድጋል፤ ከስብራትና ከመጓጓዣ ጋር ደግሞ 62 ይደርሳል፣ ማለትም 7 ካርቶን። እኔ ሦስት ተጨማሪ ፍሬ ከፍዬ ጥቃቅኑን ብገላገል እመርጣለሁ።

ወረቀት ከመያዛችሁ በፊት ፈጣን ግምት ከፈለጋችሁ፣ ንጹሑን ብዛት ያዙና የክፍሉን ዙሪያ ለሁለት ሰያፍ ርዝመት አካፍላችሁ ጨምሩበት። ለመጀመሪያው ክፍል 15.6 ለ1.14 ሲካፈል 14 ገደማ ነው፤ 93 ሲደመር 14፣ 107 ይሆናል። ለመተላለፊያው 14.4 ለ1.14 ሲካፈል 13 ገደማ፤ 44 ሲደመር 13፣ 57። ሁለቱም ቆጥረን ካገኘነው ብዙ አይርቁም፤ ከመቶኛው የሚሻሉትም የግድግዳውን ርዝመት ስለሚያውቁ ነው። ለግዢ ግን ወረቀቱን እመኑ። ዓምድ፣ የግድግዳ ጉብታ ወይም ሰርጥ ያለው ክፍል ከሆነ ዙሪያው ስለሚጨምር ግምቱ የበለጠ ይሳሳታል።

ዙሪያውን በቀጥታ መክበብ

በመጀመሪያው ክፍል 4.20 ሜትር ሰባት ሰያፍና 21 ሴንቲ ሜትር፣ 3.60 ሜትር ደግሞ ስድስት ሰያፍና 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ትርፉን ለሁለት ከፍለን በግድግዳዎቹ ሥር 10.5 እና 9 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቀጥ ያለ ክፈፍ ብናደርግ፣ ውስጠኛው ሰያፍ ልክ 7 በ6 ሰያፍ ይሆናል። ያን ጊዜ የሰያፉ ዳር በሙሉ በእኩል ግማሾች ያልቃል፤ አንዱ ሴራሚክ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱም ግማሾች ይገባሉ። ውስጡ 71 ሙሉና 26 ግማሽ፣ በድምሩ 84 ፍሬ ብቻ ይወስዳል። ለክፈፉ ከአንድ ሴራሚክ ሦስት ሦስት ቅዳድ እየወጣ 13 ገደማ ይበቃል። ብዛቱ 97 ነው፤ ቁጠባው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ጠማማ ግድግዳ ካለ ዝንባሌውን ክፈፉ ይወስደዋል፣ ሰያፉ ግን ሳይዛባ ይቀራል። ግማሾቹ በባለ ዲስክ መቁረጫ መቆረጥ አለባቸው፤ የተቆረጠው ጎናቸው ከክፈፉ ጋር ስለሚጋጠም ይታያልና።

ሥራው ላይ መቆጣጠር

ቁጥሩ የሚጠቅመው ሥራው በቅደም ተከተል ሲሄድ ነው። መጀመሪያ ሙሉዎቹን ብቻ አንጥፉ፤ በግድግዳው ዳር ያለውን አትንኩ። 71ዱ ሲያልቁ ቆም ብላችሁ የቀረውን ቁጠሩ። ከ110 ላይ 39 ፍሬ መኖር አለበት፤ ከካርቶን የወጡ የተሸራረፉትን ጨምሮ ማለት ነው። ከዚህ የሚያንስ ከሆነ የሆነ ቦታ ሙሉ ሴራሚክ ያለ አግባብ ተቆርጧል። ይህን በዚህ ሰዓት ማወቅ ይጠቅማል፤ ያው የምርት ዙር ገበያ ላይ ሊገኝ የሚችልበት ጊዜ ገና አላለፈምና።

ቀጥሎ ጫፈ ጎደሎዎቹን ቁረጡ። እያንዳንዱን ተራፊ ጫፍ አትጣሉ፤ በየግድግዳው ከምሩ። የመጨረሻው ጫፈ ጎደሎ ሲገባ ክምሮቹን ቁጠሩ። 26 ደህና ጫፍ ካለ ለሦስት ማዕዘኖቹ አንድ ሙሉ ሴራሚክ ብቻ ይሠዋል። 20 ብቻ ደህና ሆኖ ከተገኘ አሥር ሦስት ማዕዘን ይጎድላል፤ ሦስት ሴራሚክ ለአራት ለአራት ይቆረጣል። ሦስት ማዕዘኖቹን በመጨረሻ፣ ቀድሞ ከተነጠፉት መካከል ያለውን ቦታ አንድ በአንድ እየለካችሁ ቁረጡ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው 10.5 ሴንቲ ሜትር እዚያ ቦታ ላይ 10 ወይም 11 ሆኖ ይገኛል። ግድግዳውን እንዳይነካም ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ተዉለት፤ ያንን ክፍተት ዞኮሎው ይሸፍነዋል።